ስምንተኛው ሰከንድ ላይ ያለው ገደል፦ የአንድ የሱሉልታ ዶሮ አርቢ ቪዲዮ

ከእንጦጦ ማዶ፣ ሱሉልታ ላይ ዶሮ የሚያረቡ አንድ ሰው የዩቲዩብ ቻናል አላቸው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፤ እዚህም እንደዚያው ልጥራቸው። የሚቀርጸውም ኤዲት የሚያደርገውም የእህታቸው ልጅ ነው። ያላቸው መሣሪያ አንድ ስልክና ደረት ላይ የሚሰካ አንድ ማይክ ነው። ጋሼ ስለ ጫጩት ያውቃሉ፤ ሲናገሩም ይጥማሉ። ቪዲዮዎቻቸው ግን አይታዩላቸውም ነበር። ታምኔሉ ሰው ይጠራል፣ ርዕሱም ይጠራል፤ የተጠራው ሰው ግን ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ይወጣል። እኔ የሌላ ሰው ቪዲዮ እያቀናበርኩ የምተዳደር ስለሆንኩ ልጁ «እስቲ እይልን» ብሎ የቻናሉን ቁጥሮች ከፈተልኝ።

«ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ለምን ይሞታል?» የሚለውን ቪዲዮ መረጥን። የመረጥነው ርዕሱ ለአካባቢው ሰው የእውነት ጭንቀት ስለሆነ ነው። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ይበርዳል። ጋሼ የአንድ ቀን ጫጩት የሚያመጡት ከቢሾፍቱ ነው፤ ቢሾፍቱ ደግሞ ዝቅ ያለችና ሞቅ ያለች ናት። ያቺ ጫጩት ከዚያ ወጥታ እዚህ ስታድር፣ በዚያ ላይ መብራት ሲሄድ፣ ጠዋት ምን እንደሚገኝ ያረባ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ሰው የሚሸሸው ርዕሱ ስላልነካው ነው ማለት አይቻልም። የሆነ ነገር አባሮታል።

የድሮው መግቢያ እንዲህ ነበር። ቪዲዮው ሲከፈት ጋሼ የሞቱ ጫጩቶች ያሉበትን ካርቶን አንስተው ያሳያሉ፤ ድምፃቸው «ይህን ሳታውቁ ጫጩት እንዳትገዙ!» ይላል። ይህ ከቪዲዮው መሀል ተቆርጦ መጀመሪያ ላይ የተለጠፈ ቁራጭ ነው፤ ቪዲዮ ሠሪዎች ሁክ የሚሉት ማለት ነው። ስምንት ሰከንድ ይቆያል። ከዚያ የቻናሉ ሎጎ ከሙዚቃ ጋር እየተሽከረከረ ይመጣና ሰባት ሰከንድ ይወስዳል። ቀጥሎ ጋሼ ወንበር ላይ ተቀምጠው «ውድ ቤተሰቦቼ እንደምን ሰነበታችሁ» ይላሉ፤ ስለ ጤና ይጠይቃሉ፣ ፈጣሪን ያመሰግናሉ፣ አዲስ የመጡትን ሰብስክራይብ እንዲያደርጉ፣ ነባሮቹን ሼር እንዲያደርጉ ይለምናሉ። አርባኛው ሰከንድ አካባቢ ወደ ጉዳዩ ይገባሉ፤ እሱም «ዶሮ እርባታ በሀገራችን ከጥንት ጀምሮ…» በሚል ነው።

ልጁ መግቢያው ሁክ ስላለው ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ብሎ ያምን ነበር። «ሁኩ ያስደነግጣል እኮ፤ ሬሳ ነው ያሳየሁት» አለኝ። ልክ ነው፣ ያስደነግጣል። ግራፉ ያሳየን ግን ሁኩ ሥራውን እንደሠራና የሠራውን ደግሞ ቀጣዩ ሰከንድ እንዳፈረሰው ነው።

ግራፉ ምን ይላል

በዩቲዩብ ስቱዲዮ እያንዳንዱ ቪዲዮ ሥር ባለው Analytics ውስጥ `Key moments for audience retention` የሚል ክፍል አለ። ቪዲዮው ቢያንስ አንድ ደቂቃ ርዝመትና ቢያንስ 100 እይታ ከሌለው ይህ ክፍል አይሞላም፤ ቁጥሩም ተጠናቅሮ እስኪመጣ አንድ ሁለት ቀን ይፈጃል። እዚያ ላይ Intro የሚለው ቁጥር ከመቶ ስንት ሰው 30ኛው ሰከንድ ላይ ገና እያየ እንደነበር ይነግርሃል። የጋሼ ቪዲዮ 40 ገደማ ነበር።

ብዙ ሰው ይህን ቁጥር አይቶ «ዝቅ ብሏል» ይልና ግራፉን ይዘጋዋል። ቁጥሩ ግን ሰው መውጣቱን ብቻ ነው የሚናገረው፤ በየትኛው በር እንደወጣ አይናገርም። በሩን የሚያሳየው የመስመሩ ቅርጽ ነው። ስለዚህ ቪዲዮውን ከግራፉ ጋር ጎን ለጎን ከፍተን ጠቋሚውን በመስመሩ ላይ እየጎተትን፣ መስመሩ በተሰበረበት ሁሉ ምን እየታየና ምን እየተባለ እንደነበር ጻፍን።

የመጀመሪያው ስብራት ገና ሁለተኛና ሦስተኛ ሰከንድ ላይ ነው። ይህ በሁሉም ቪዲዮ ላይ ያለ ነገር ነው፤ ጣቱ ስቶ የገባ፣ ሌላ ነገር የፈለገ፣ ዝም ብሎ ያለፈ ሰው ነው። ከልክ በላይ ከሆነ ታምኔሉ ሌላ፣ ቪዲዮው ሌላ ማለት ነው። የጋሼ ግን ልከኛ ነበር፤ ታምኔሉ ላይ የሞተ ጫጩት አለ፣ ሲከፈትም የሞተ ጫጩት አለ።

ከዚያ እስከ ስምንተኛው ሰከንድ መስመሩ ጠፍጣፋ ነው ማለት ይቻላል። ሰው ይዟል። ልክ ሎጎው ሲመጣ መስመሩ ገደል ይገባል። ሎጎው ካለፈ በኋላ ደግሞ ገደሉ ያበቃና ቀስ እያለ የሚወርድ ቁልቁለት ይሆናል፤ ሰላምታው እስኪያልቅ ድረስ ሰው አንድ በአንድ እየተነሳ ይሄዳል።

የሚገርመው ሌላ ነገር ነበር። ሁለት ደቂቃ አልፎ አንድ ቦታ ላይ መስመሩ ወደ ላይ ይነሳል። ሰው ወደ ኋላ እየመለሰ ደግሞ ያየው ቦታ ነው ማለት ነው። ከፍተን ስናይ ጋሼ የጫጩቶቹን ክብ ከላይ እያሳዩ «አምፖሉ ሥር ተቆልለው ካያችኋቸው በርዷቸዋል፤ ከአምፖሉ ሸሽተው ዳር ዳር ይዘው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል፤ በእኩል ከተበተኑ ደህና ናቸው» የሚሉበት ነው። አስራ አንድ ሰከንድ ብቻ ናት። ከሙሉው ቪዲዮ ሰው ደጋግሞ ያያት እሷን ነው፤ እዚያ የደረሰው ግን ጥቂቱ ብቻ ነው።

ገደሉ ለምን እዚያ ሆነ

ሁኩ «ይህን ሳታውቁ እንዳትገዙ» ሲል ተመልካቹ ውስጥ አንድ ጥያቄ ያነሳል፤ «የቱን?» የሚል። ሎጎው ሲመጣ ጥያቄው ይቋረጣል። ሰላምታው ሲመጣ ጭራሽ ይረሳል። ጋሼ ወደ ጉዳዩ ሲገቡ ደግሞ ስለ ዶሮ እርባታ ታሪክ ነው የሚጀምሩት። ከሁኩ ጋር የሚያገናኘው አንድ ቃል የለም። ተመልካቹ በ40 ሰከንድ ውስጥ ሦስት ጊዜ «አሁን ተጀመረ» ተብሏል ማለት ነው፤ በሁኩ፣ በሎጎውና በሰላምታው። እያንዳንዱ ጅምር ደግሞ ለመውጣት የሚመች በር ነው። በተለይ ዳታው እየቆጠረበት የሚያይ ሰው ለመውጣት ብዙ አያመነታም።

ለዚህ ነው ለልጁ ሁኩን አታጠንክረው ያልኩት። ሬሳውን በሁለት ካርቶን ብታሳየው ስምንተኛው ሰከንድ ላይ ያለው ገደል አይሞላም። ሥራው ያለው ሁኩ ከሚያልቅበት ሰከንድ እስከ 30ኛው ነው፤ ሁኩ የጠየቀውን መመለስ መጀመር አለበት።

መጀመሪያ ልጁ ቀላሉን ሞከረ። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ Editor የሚለውን ከፍቶ በ`Trim & cut` የወጣውን ቪዲዮ ከስምንተኛው እስከ አርባኛው ሰከንድ ያለውን ቆርጦ ጣለ። ይህ መንገድ ጥሩነቱ ሊንኩ፣ እይታውና አስተያየቱ አይጠፋም፤ ፋይሉን በሌላ ፋይል መተካት ግን አይፈቅድም፤ መቁረጥ እንጂ መጨመር የለም። ውጤቱ ትንሽ ነበር። አማካይ የእይታ ጊዜው እምብዛም አልተነሳም። ቅርፊቱ ቢላጥም ሁኩ ካለቀ በኋላ የሚመጣው አሁንም «ከጥንት ጀምሮ» ነው፤ ለጥያቄው መልስ አልተገኘም። ስለዚህ ርዕሱን በሌላ ማዕዘን ይዘን እንደ አዲስ እንቅረጸው አልን፤ ይኸኛው መብራት በሌለበት ሌሊት ጫጩት እንዴት እንደሚያድር የሚያሳይ ነው።

ሰላምታው ላይ የተነሳው ክርክር

ጋሼ ሎጎውን ለመተው አልተቸገሩም። ሰላምታው ላይ ግን እንቢ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ሰው ቤቴ ድረስ መጥቶ ሳልቀበለው ዘልዬ ስለ ሥራ ላውራው? እናቴ ብትሰማ ምን ትላለች?»

«ጋሼ፣ ሰላምታውን እንተወው አላልኩም። ቦታውን እንቀይረው ነው የምለው።»

«የሰላምታ ቦታው መግቢያ ነው።»

ክርክራቸው ባዶ አልነበረም። አስተያየት የሚጽፉላቸው ሰዎች ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ አንዳንዶቹ «ጋሼ እግዜር ይስጥልን፣ ሰላምታዎ ራሱ ይበቃናል» ይላሉ። በእኛ ዘንድ ሰላም ሳይል የጀመረ ሰው ጥድፊያውን ሳይሆን አስተዳደጉን ነው የሚያሳየው። ከውጭ ቻናሎች የተቀዳው «ሰላምታ ጊዜ ማባከን ነው» የሚለው ምክር እዚህ እንዳለ አይሠራም። ችግሩ ግን ያንን ሰላምታ የሚወዱት ነባሮቹ ናቸው፤ 30 ሰከንድ ሳይሞላ የሚሄዱት ደግሞ ጋሼን ገና የማያውቁ አዳዲሶቹ። የማያውቁት ሰው ስለ ጤናህ ሲጠይቅህ እንግዳ ነገር ነው፤ አንድ ነገር ካስተማረህ በኋላ ሲጠይቅህ ግን ትመልስለታለህ።

በመጨረሻ የተስማማንበት ይህ ነው፦ መጀመሪያ አንዲት ጠቃሚ ነገር ይሰጣሉ፣ ከዚያ እጃቸው ሥራ ላይ እያለ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሰላም ይላሉ፤ ረጅሙ ሰላምታና ምርቃት ወደ መጨረሻ ይሄዳል። ሰብስክራይብ አድርጉ የሚለውም ከ30 ሰከንድ ውስጥ ወጥቶ፣ ጫጩቶቹ ሲሞቁ ከሚታይበት ቦታ ቀጥሎ ተቀመጠ። ጋሼ «እጄ ሥራ ላይ ከሆነ ነውር የለውም» አሉ። የሚሠራ ሰው ቀና ሳይል ሰላም ቢል ማንም አይቀየመውም።

አዲሱ 30 ሰከንድ

ግራፉ ላይ የተነሳችውን ያችን አስራ አንድ ሰከንድ ወስደን ወደ ፊት አመጣናት። ሰው ደጋግሞ ያየው ነገር የሚፈልገውን ነገር ስለሚናገር፣ መግቢያ ስጽፍ መጀመሪያ የምፈልገው እንዲህ ያለ ቦታ ነው።

0:00–0:04። ስልኩ ከላይ ወደ ታች ይቀርጻል። ጫጩቶቹ አንድ ጥግ ላይ ተቆልለዋል። የጋሼ ድምፅ፦ «እንዲህ ተቆልለው ካደሩ፣ ጠዋት ከሥር ያሉትን ሞተው ታገኟቸዋላችሁ።» ስክሪኑ ላይ በትልቅ ፊደል «ቁልል = ብርድ» ይላል። ስልክ ላይ ቪዲዮ ከመነካቱ በፊት በዝርዝሩ ውስጥ ድምፁ ተዘግቶ መጫወት ስለሚጀምር፣ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ድምፅ ባይኖርም መናገር አለባቸው። ፊደሉን ያተለቅነው ደግሞ በሌላ ምክንያት ጭምር ነው፤ ኔትወርኩ ሲደክም ቪዲዮው ሲጀምር ደብዘዝ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ልጁ መጀመሪያ ያስገባው የቴርሞሜትር ቁጥር በዚያ ሁኔታ የማይነበብ ነበር።

0:04–0:13። ሁለት ሥዕሎች ተከታትለው ይመጣሉ። ዳር ይዘው አፋቸውን የከፈቱ ጫጩቶች፤ ከዚያ በእኩል የተበተኑ። «ዳር ከያዙ ሞቋቸዋል። እንዲህ ከተበተኑ ተመችቷቸዋል። ቴርሞሜትር ባይኖራችሁም አቀማመጣቸው ይነግራችኋል።» ይህች የመጀመሪያዋ ስጦታ ናት። ተመልካቹ አሁን ቢወጣ እንኳ አንድ ነገር ይዞ ነው የሚወጣው።

ልጁ እዚህ ላይ ፈራ። «መልሱን ከሰጠነው ምን ሊጠብቅ ይቆያል?» አለ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ መልሱ የሚቀጥለው ቁራጭ ውስጥ ነው።

0:13–0:21። አምፖሉ ይጠፋል። ክፍሉ ይጨልማል፤ የሚሰማው የጫጩት ጩኸት ብቻ ነው። «በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩት ባለችበት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ትፈልጋለች። እዚህ ሱሉልታ ሌሊት መብራት ሲሄድ ያንን ሙቀት ከየት ታመጣላችሁ?» የመጀመሪያው መልስ ሁለተኛውን ጥያቄ ወለደ፤ ብርድ መሆኑን አወቅሁ፣ ታዲያ ምን ላድርግ? ይህ ከሁኩ ይልቅ የሚይዝ ነው፤ ተመልካቹ ጥያቄውን ራሱ እንደጠየቀ ይሰማዋል።

0:21–0:30። ጋሼ በእጅ ባትሪ ብርሃን ተንበርክከው በጣውላ ሳጥን ዙሪያ ጭድ እየጠቀጠቁ ይታያሉ። ቀና ሳይሉ፦ «እንደምን አመሻችሁ። ይህን ሳጥን ያለ መብራት፣ ያለ ከሰልም ነው የምሠራው፤ ሙቀቱ ከራሳቸው ከጫጩቶቹ ነው የሚመጣው። ጭዱ ስንት ጣት መወፈር እንዳለበት ተመልከቱ።» 30ኛው ሰከንድ የሚያልፈው ሥራው መሀል ላይ ነው። ለመውጣት የሚመች በር የለም፤ ዐረፍተ ነገሩም እጁም አላረፉም።

«ያለ ከሰልም» የምትለዋን ጋሼ ራሳቸው ናቸው የጨመሯት። ብዙ ሰው መብራት ሲሄድ ምድጃ ከሰል አስገብቶ በር ይዘጋል፤ ጭሱ የሚታይ ባይሆንም ጫጩቱንም ሰውየውንም ይገድላል። እኔ ለመግቢያው ትከብዳለች ብዬ ላወጣት ነበር የፈለግኩት፤ እርሳቸው «እሷ ካልገባች አልቀርጽም» አሉ። ከአስተያየቶቹ ብዙው ስለ ከሰል ነበር።

ያልሠራው ቅጂና ውጤቱ

ልጁ ከዚህ በፊት በራሱ መንገድ አንድ ሌላ ቪዲዮ አቀናብሮ ነበር፤ ስለ ክትባት። በየሰከንዱ የሚቀያየር ሥዕል፣ የልብ ምት የመሰለ ድምፅ፣ «መጨረሻ ላይ የሚያስደነግጥ ነገር አለ» የሚል ጽሑፍ። ለማነጻጸር አየነው። 30ኛው ሰከንድ ላይ ያለው ቁጥር ከሌሎቹ ሁሉ የተሻለ ነበር። ነገር ግን ከ35ኛው ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ባለው ውስጥ መስመሩ ተደፍቷል። ግማሽ ደቂቃ ሲሮጥ የነበረ ቪዲዮ ጋሼ ወንበር ላይ ተቀምጠው ረጋ ብለው ወደሚናገሩበት ሲቀየር ሰው ተታለልኩ ብሎ ወጣ። ገደሉ ተሰደደ እንጂ አልጠፋም። ለዚህ ነው Intro የሚለውን ቁጥር ብቻ ይዞ መደሰት የማያዋጣው፤ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ያለውን ቁልቁለት አብሮ ማየት ያስፈልጋል። መግቢያው የሚሄድበት ፍጥነት ቀሪው ቪዲዮ ሊሄድበት ከሚችለው ብዙ መብለጥ የለበትም። የጋሼ ቪዲዮ ደግሞ ዝግ ያለ ነው፤ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው።

አዲሱ ሲወጣ በመጀመሪያው ቀን የታየው ቁጥር በጣም ያስደስታል፤ ግን አላመንነውም። በመጀመሪያ ሰዓታት የሚያዩት በብዛት ሰብስክራይበሮች ናቸው፤ እነሱ ጋሼ ቢያዛጉም ይቆያሉ። ዩቲዩብ ለማያውቋቸው ሰዎች ማሳየት ሲጀምር ቁጥሩ መውረዱ አይቀርም። ስለዚህ የድሮውንም አዲሱንም እኩል ዕድሜ ላይ አድርገን ነው ያነጻጸርነው፤ ተመልካቹ የመጣበትንም መንገድ አየን፤ በፍለጋ የመጣ ሰው ጥያቄ ይዞ ስለሚመጣ ይታገሳል፣ ከዋናው ገጽ የመጣ ግን አይታገስም።

ሳምንት ካለፈው በኋላ 30ኛው ሰከንድ ላይ የቀረው ከመቶ 60 ገደማ ነው፤ ከዋናው ገጽ የመጡትም ከድሮው በግልጽ ተሽለዋል። ስምንተኛው ሰከንድ ላይ ምንም ስብራት የለም። አዲስ ስብራት ግን አለ፤ አምፖሉ ጠፍቶ ክፍሉ የጨለመበት ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ትታያለች። ስክሪናቸው ጥቁር ሲሆን ቪዲዮው የቆመ የመሰላቸው ይኖራሉ ብዬ እገምታለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ጨለማው ሙሉ እንዳይሆን በሩን ገርበብ አድርጉት አልኳቸው። ጭማሪው በሙሉ ከመግቢያው ነው ለማለት አልደፍርም፤ የመብራት መጥፋት ራሱ ሰው የሚይዝ ርዕስ ነው። የድሮው ገደል ሎጎው በነበረበት ቦታ አለመታየቱ ግን የርዕስ ውጤት አይመስለኝም።

አሁን እየታገልን ያለነው በመኖ ዋጋ ላይ ካለው ቪዲዮ ጋር ነው። ጫጩት ሲቆለል ይታያል፤ ዋጋ ግን አይታይም፣ ሰው ወደ ኋላ መልሶ የሚያየው ሥዕልም የለውም። ጋሼ ገበያ ወጥተው ነጋዴ እናናግር ይላሉ። እኔ አንድ ኩንታል መኖ ሚዛን ላይ ይቀመጥና፣ አንድ ዶሮ እስክትጥል የምትበላው ከላዩ እየተዘገነ ይውጣ ባይ ነኝ፤ ስንት እንደቀረ እያየ የሚጠብቅ ሰው ይኖራል። ልጁ ሚዛን ሊዋስ ሄዷል።